ደመወዝዎ ከጠበቁት ሲያንስ፦ የደመወዝ ክፍሉን በመስመር በመስመር እንዴት ይጠይቃሉ?

የጎረቤቴ ልጅ ሐዋሳ ውስጥ ከሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራለች። በጥር ወር መጨረሻ አንድ ምሽት በስልኳ የደረሰውን የባንክ መልእክት አሳየችኝ፤ 4,403.95 ብር ገብቷል። «ጋሼ፣ በጥምቀት ሰሞን ትርፍ ሰዓት ሠርቼ ጭራሽ ከሌላው ወር ያነሰ ይግባልኝ?» አለችኝ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ ልትጮህ ነበር።

እኔ ደግሞ ለ11 ዓመት ደመወዝ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። እየተቆጣ የመጣን ሠራተኛ እንዴት «ቆይ አየዋለሁ» ብለን እንደምንሸኘው አውቃለሁ። ወረቀት ይዞ በየመስመሩ የሚጠይቀውን ግን መሸኘት አይቻልም፤ መመለስ ግድ ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው እሷ የሄደችበት መንገድ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚመለከት እንጂ ለመንግሥት ሠራተኞች አይደለም፤ የእነሱ በሌላ ሕግ ይመራል።

መጀመሪያ ወረቀቱን እጅዎ ያስገቡ

የባንክ መልእክት የሚነግርዎ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ነው። በእሱ ብቻ ተመርተው ቢጠይቁ የሚሰጥዎ መልስም «ግብር ጨምሮብሽ ነው» ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን አነሰኝ?» መሆን የለበትም። «የወሩን የክፍያ ዝርዝር ስጡኝ» ይበሉ።

ይህ ልመና አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 60 አሠሪው የክፍያ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድዳል። መዝገቡ ጥቅል ክፍያውን፣ የተሰላበትን ዘዴ፣ የተቀናሹን ዓይነትና መጠን እንዲሁም የተጣራውን ክፍያ ማሳየት አለበት። ሠራተኛው ሲጠይቅም አሠሪው መዝገቡን የማሳየትና በውስጡ ያለውን የማስረዳት ግዴታ አለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር እዚያው አንቀጽ ውስጥ አለ፦ ሳይቃወሙ ፈርመው ገንዘቡን መቀበልዎ ቀሪውን የመጠየቅ መብትዎን አያሳጣዎትም። «ፈርመሻል እኮ» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ያበቃል።

ቀኑንም ይምረጡ። ከወሩ 20 በኋላ ያለው ጊዜ ለደመወዝ ሠራተኛ የጭንቅ ጊዜ ነው፤ በዚያ ሰሞን የሚሄድ ሰው የሚያገኘው የተበሳጨ ፊት ብቻ ነው። ክፍያው ካለፈ በኋላ ባሉት አምስትና ስድስት ቀናት ውስጥ ቢሄዱ ሰነዱ ገና ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሚያስረዳዎት ሰውም ምን እንደሠራ ያስታውሳል።

እሷ ያገኘችው ዝርዝር እንዲህ ይላል፦

ዋና ደመወዝ፦ 9,000.00
ትርፍ ሰዓት (12 ሰዓት)፦ 675.00
ጥቅል፦ 9,675.00
የሥራ ግብር፦ 1,568.75
ጡረታ፦ 630.00
ከሥራ መቅረት (2 ቀን)፦ 692.30
ቅድሚያ ክፍያ፦ 2,000.00
ልዩ ልዩ፦ 380.00
ጠቅላላ ተቀናሽ፦ 5,271.05
የተጣራ፦ 4,403.95

በደህናው ወር የሚደርሳት 6,970 ብር ነበር።

ከመጠየቅዎ በፊት ሁለቱን የሕግ መስመሮች ራስዎ ያስሉ

ግብርና ጡረታ የማንም ፈቃድ የማያስፈልጋቸው ተቀናሾች ናቸው፤ በአምስት ደቂቃ ቤትዎ ሊያረጋግጧቸው ይችላሉ። ይህን አስቀድሞ መጨረስ የሚጠቅመው የደመወዝ ክፍሉ ውይይቱን ሁሉ ወደ ግብር እንዳይወስድብዎት ነው። ግብር ምቹ መሸሸጊያ ነው፤ ሁሉም ሰው ይጠላዋል፣ ማንም አያሰላውም።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሠንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ በላይ ግብር የሚከፈልበትን ጠቅላላ ገቢ በመጣኔው አባዝተው ተቀናሹን መቀነስ ነው፦

ከ2,001 እስከ 4,000፦ 15 በመቶ፣ ሲቀነስ 300
ከ4,001 እስከ 7,000፦ 20 በመቶ፣ ሲቀነስ 500
ከ7,001 እስከ 10,000፦ 25 በመቶ፣ ሲቀነስ 850
ከ10,001 እስከ 14,000፦ 30 በመቶ፣ ሲቀነስ 1,350
ከ14,000 በላይ፦ 35 በመቶ፣ ሲቀነስ 2,050

የእሷ 9,675 ብር በ25 በመቶ ሲባዛ 2,418.75 ይሆናል፤ 850 ሲቀነስ 1,568.75። ከወረቀቱ ጋር ይገጥማል። እዚህ ላይ አንድ የቆየ አሉባልታ ላንሳ፦ «ትርፍ ሰዓት ሠርተህ ወደ ላይኛው እርከን ከገባህ ግብሩ ይበላዋል» ይባላል። ልክ አይደለም። ከፍ ያለው መጣኔ የሚያርፈው ከእርከኑ በላይ በወጣችው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው፤ 850 እና 1,350 የተባሉት ቁጥሮች ያሉትም ይህን ለማስተካከል ነው። ትርፍ ሰዓት በመሥራቱ በግብር ምክንያት ብቻ እጁ የሚገባው የቀነሰ ሰው የለም። ጭማሪ ሠርተው ከቀነሰብዎ ምክንያቱ ሌላ መስመር ላይ ነው።

ጡረታ የሠራተኛው ድርሻ ከደመወዙ 7 በመቶ ነው፤ የእሷ 630 ብር ትክክል ነው። ትርፍ ሰዓት በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። 11 በመቶው ደግሞ የአሠሪው ስለሆነ ከእርስዎ ኪስ አይወጣም። አንዳንድ ወረቀት ላይ ሁለቱ ተደምረው ይታተማሉ፤ 1,620 ብር አይተው ከመደንገጥዎ በፊት ከተጣራው ላይ የተቀነሰው የትኛው እንደሆነ ደምረው ያረጋግጡ።

አበል ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለው፦ ከአበሉ ምን ያህሉ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ውስጥ ገባ? እሷ አበል ስለሌላት አልፈዋለሁ።

ደብዳቤው

በቃል መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ለትንሽ ስህተት ይበቃል። ከሁለት መስመር በላይ ከሆነ ግን ይጻፉ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ለመዝገብ ቤት ይስጡ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርገው ይያዙ። መዝገብ ቤት የሌለው ድርጅት ከሆነ የተቀበለው ሰው ስሙን ጽፎና ቀን አስፍሮ ይፈርም።

በደብዳቤው ውስጥ ማንንም አይክሰሱ። «ገንዘቤን በላችሁ» የሚል ደብዳቤ ወደ ሕግ ክፍል ይሄድና ይቀመጣል፤ ማብራሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ግን ሒሳብ ክፍል ደርሶ ይሠራል። ለእያንዳንዱ መስመር ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከምን ላይ ተሰላ፣ በምን ተካፈለ ወይም ተባዛ፣ የትኛው ሰነድ ፈቀደው። የእሷ ደብዳቤ ይህን ይመስል ነበር፦

> ለሆቴሉ ፋይናንስ ክፍል
> ጉዳዩ፦ የጥር ወር የደመወዝ ተቀናሾች ማብራሪያ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ
>
> በጥር ወር የተከፈለኝ የተጣራ ደመወዝ 4,403.95 ብር ሲሆን ከጠበቅሁት ያነሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 60 መሠረት የሚከተሉት እንዲብራሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
>
> 1. ትርፍ ሰዓት 675.00 ብር፦ የአንድ ሰዓት ክፍያዬ ስንት ተብሎ እንደተያዘና በምን እንደተካፈለ፤
> 2. ከሥራ መቅረት 692.30 ብር፦ የትኞቹ ቀናት እንደሆኑ፣ የቀን ሒሳቡ በምን እንደተካፈለ፣ የተቀነሰውም ግብር ከመሰላቱ በፊት ይሁን በኋላ፤
> 3. ቅድሚያ ክፍያ 2,000.00 ብር፦ በአንድ ጊዜ እንዲቀነስ የፈረምኩበት ሰነድ ቅጂ፤
> 4. ልዩ ልዩ 380.00 ብር፦ የምን ክፍያ እንደሆነና የተቀነሰበት ሕጋዊ መሠረት።
>
> መልሱ በጽሑፍ ቢሰጠኝ ለቀጣዩ ወርም ግልጽ ይሆንልኛል።

ግብርና ጡረታ ደብዳቤው ውስጥ እንደሌሉ ልብ ይበሉ። ትክክል መሆናቸውን ካረጋገጡ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው መሆንዎ በዚሁ ይታወቃል፤ መልሱም ይለወጣል።

ፊት ለፊት ሲቀመጡ

በሦስተኛው ቀን ተጠራች። የፋይናንስ ኃላፊዋ ጨዋ ሴት ነበሩ፤ ሠንጠረዡን በኮምፒውተራቸው ከፍተው አሳዩዋት። አራቱ መስመሮች የየራሳቸው ችግር ያለባቸው ሆነው ተገኙ።

የቀላሉ ቅድሚያ ክፍያው ነበር። ለገና 2,000 ብር ስትወስድ በጥርና በየካቲት እኩል እኩል እንዲቀነስ ፈርማለች። ወረቀቱ ፋይሏ ውስጥ አለ፤ ሠንጠረዡን የሞላው ልጅ ግን ጠቅላላውን አስገብቶታል። ይህ ገንዘብ አልጠፋም፤ የየካቲቱን ዕዳ አስቀድማ ከፈለች ማለት ነው።

የቀሩት ቀናት ጉዳይ የበለጠ ያስተምራል። አንድ ቀን በእርግጥ ቀርታለች። ሁለተኛውን ቀን ታማ የሐኪም ወረቀት አምጥታለች፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የመጀመሪያው አንድ ወር የሕመም ፈቃድ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ነው። ወረቀቷ የሰው ሀብት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ ሒሳብ ክፍል አልደረሰም። በእኔ ልምድ ከቅሬታው ብዙው የሚመጣው ከእንደዚህ ያለ በሁለት ክፍል መካከል ከወደቀ ወረቀት ነው። ስለዚህ የሕመም ፈቃድ ሲያስገቡ ለራስዎ ቅጂ ያስቀሩ።

ቀጥሎ ማካፈያው ነው። የአንድ ቀን ደመወዝ 346.15 የሆነው 9,000 ለ26 የሥራ ቀን ስለተካፈለ ነው። ትርፍ ሰዓቱ ግን በሌላ ሒሳብ ነው የተሠራው፦ 9,000 ለ240 ሰዓት፣ ማለትም 30 ቀን በ8 ሰዓት፤ የሰዓቱ ክፍያ 37.50 ብር ሆነ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚከፈልበት 12 ሰዓቱ 675 ብር መጣ። ልዩነቱን አዩት? ሲቀንሱ ለ26፣ ሲከፍሉ ለ30። በ26 ቀን ቢሄዱ ወሩ 208 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈልም ያው 208 ይመጣል። ያን ጊዜ የሰዓቱ ክፍያ 43.27 ገደማ፣ ትርፍ ሰዓቱም 778.85 ብር ይሆናል።

ይህን በተንኮል የሚያደርግ አለ፤ አብዛኛው ግን ከቀዳሚው የወረሰውን ሠንጠረዥ ሳይመረምር የሚቀጥል ነው። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ያህል እንዲሁ ሠርቻለሁ፤ አንድ ሽማግሌ የጥበቃ ሠራተኛ እስኪጠይቁኝ ድረስ አልታየኝም። በሁለቱም ለ30 ቢያካፍሉ አልከራከርም፤ ሲሰጡ አንድ ሚዛን ሲወስዱ ሌላ ሚዛን መያዝን ግን ማስረዳት አይቻልም። እሷም ያለችው ይህንኑ ነው፦ «አንዱን ይምረጡልኝ።» ኃላፊዋ 26ን መረጡ።

ሌላው ነገር ቅደም ተከተል ነው፤ ወረቀቱን በሚገባ ካላዩት ያመልጣል። ያልተሠራበት ቀን ያልተገኘ ገቢ ነው፤ ስለዚህ ግብር ከመሰላቱ በፊት ከጥቅሉ መውጣት አለበት። ቅድሚያ ክፍያ፣ ብድርና የቁጠባ መዋጮ ግን ከግብር በኋላ ይቀነሳሉ። በእሷ ወረቀት ላይ መቅረቱ ከግብር በታች ስለተጻፈ ባልተከፈላት ገንዘብ ላይ ግብር ከፍላለች። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ግብሩ ከተሰላበት ገቢ ላይ የቀሩበት ቀን ሒሳብ ካልተነሳ ስህተቱ እዚያ አለ።

የመጨረሻው 380 ብር «ልዩ ልዩ» ነበር። እንደዚህ የሚል መስመር ሲያዩ ሁልጊዜ ያቁሙ። ሲጠየቅ በጥር የጠፉ ፎጣዎችና የተሰበሩ ብርጭቆዎች ዋጋ ለፈረቃው ሠራተኞች ተካፍሎ እንደሆነ ታወቀ። አንቀጽ 59 ከደመወዝ መቀነስ የሚፈቅደው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ነው። በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ ሢሶ ማለፍ የለበትም። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከአምስቱ በየትኛው ነው?» መልሱ «ሁሉም ላይ ነው የተቀነሰው» የሚል ነበር። ይህ ከአምስቱ ውስጥ የለም። የሆቴሉ የሥራ ደንብ ስለ ንብረት ጉዳት የሚናገረው ጥፋተኛነቱ ስለተረጋገጠ ሠራተኛ እንጂ በጅምላ ስለማካፈል አልነበረም።

ሌላው የተለመደ መልስ «ሲስተሙ ነው የቀነሰው» የሚለው ነው። ሲስተም የሚቀንሰው ሰው ያስገባለትን ነው። «ማን መቼ አስገባው፣ በየትኛው ወረቀት?» ብለው በለሰለሰ ድምፅ ይጠይቁ።

የሚገባዎትን አንድ ቁጥር አድርገው ይያዙ

ሲወጡ «ይስተካከላል» የሚል ቃል ይዘው አይውጡ፤ ቁጥር ይያዙ። የእሷ የተስተካከለ ጥር እንዲህ ነው። ከ9,000 ላይ የአንድ ቀን 346.15 ወጥቶ ትርፍ ሰዓቱ 778.85 ሲጨመር 9,432.70 ብር ይሆናል። ግብሩ 1,508.18፣ ጡረታው 630፣ ቅድሚያ ክፍያው 1,000 ነው። የተጣራው 6,294.52 ብር። ከተከፈላት ጋር ያለው ልዩነት 1,890.57 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 1,000 ብሩ በየካቲት ሳይቀነስ በመቅረት የሚታረም ስለሆነ፣ ተመላሽ የሚሆንላት 890.57 ብር ነው፦ 450 ብር የሕመሙ ቀንና የትርፍ ሰዓቱ ልዩነት፣ 380 ብር የፎጣው፣ 60.57 ብር ያለአግባብ የተቆረጠ ግብር።

ይህን በአጭር ማስታወሻ ጽፋ ኃላፊዋን «በተነጋገርነው መሠረት» ብላ አስፈረመች። ፊርማው ለክብር ብቻ አይደለም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ እርስዎ ደብዳቤ መጻፍዎ ብቻውን ቀኑን አያቆመውም። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ግን ይርጋውን ያቋርጣል። «በሚቀጥለው ወር፣ በሚቀጥለው ወር» እየተባለ አራተኛው ወር ከገባ መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበሩን ይያዙ፤ ማኅበር ከሌለ ደግሞ ወደ ከተማው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በማኅተም የተመታውን ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ።

ማስተካከያው ራሱ ሊሳሳት ይችላል

የየካቲት ወረቀቷ ሲመጣ ቅድሚያ ክፍያው አልተቀነሰም። «የጥር ማስተካከያ 450.00» የሚል መስመርም ተጨምሯል። ደስ ብሏት አመጣችልኝ። ግብሩን አየሁት፤ 1,512.50 ይላል። ማስተካከያውን ከ9,000 ጋር ደምረው 9,450 ላይ እንደገና ግብር አስልተውበታል።

ጥር ላይ ግብር የተቆረጠው በ9,675 ብር ነበር፤ ትክክለኛው 9,432.70 ነው። ስለዚህ 450 ብሩ ግብሩ አስቀድሞ የተከፈለበት ገንዘብ ነው፤ እንዲያውም 242.30 ብር ያለአግባብ ግብር ተከፍሎበታል። የየካቲት ግብር መሰላት የነበረበት ከ9,000 ላይ ያ 242.30 ተነስቶ በ8,757.70 ነበር፤ 1,339.43 ብር ይመጣል። ልዩነቱ 173.07 ብር። 380 ብሩም ገና አልተመለሰም።

ሁለተኛው ደብዳቤ አራት መስመር ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያው ቅጂና የተፈረመው ማስታወሻ ተያይዘውበታል። በዚያው ሳምንት የፎጣው ገንዘብ ለፈረቃው ሠራተኞች በሙሉ እንዲመለስ ተወሰነ። 173.07 ብሩ በመጋቢት ገባ።